ብር ሁለት ጊዜ ሲቆረጥ ጥፋቱ የኔትወርክ አይደለም

አንዲት ደንበኛ ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ በስልኳ ጫማ ትገዛለች። ዋጋው 2,400 ብር ነው። «ክፈል» የሚለውን ትነካለች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች። ከ30 ሰከንድ በኋላ «ክፍያው አልተሳካም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ደንበኛዋ የተባለችውን ታደርጋለች፤ እንደገና ትሞክራለች። ታክሲው ቦሌ ሳይደርስ ሁለት መልእክቶች ተከታትለው ይገባሉ። 2,400 ብር ተቆርጧል። 2,400 ብር ተቆርጧል።

ደውላ ስትጠይቅ የምታገኘውን መልስ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። «ኔትወርክ ነው፤ ተመላሽ ይደረግልዎታል።» መቼ? «በጥቂት የሥራ ቀናት ውስጥ።» ሁለተኛው 2,400 ብር ለቤት ኪራይ የተቀመጠ ቢሆንስ? ለዚህ መልስ የለም።

ኔትወርኩ መቆራረጡ እውነት ነው። ነገር ግን ኔትወርክ ከማንም ሒሳብ ብር አይቆርጥም። ብሩን ሁለት ጊዜ የቆረጠው ሰርቨሩ ነው። የቆረጠውም ሁለተኛው ጥያቄ የፊተኛው ድጋሚ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ስላልተሰጠው ነው። ያንን መንገድ መስጠት የገንቢው ሥራ ነው። ዘዴው አዲስም ውድም አይደለም፤ አይደምፖተንሲ ኪ ይባላል። ይህን ሳይሠራ የክፍያ አፕ ለሕዝብ የሚለቅ ድርጅት «ኔትወርክ ነው» የማለት መብት ሊኖረው አይገባም።

◆ ስልኩ የማያውቀው ነገር

የችግሩ ሥር ያለው ስልኩ ላይ ነው። ምላሽ ሳይመጣ ሲቀር ከሦስት ነገሮች አንዱ ሆኗል። አንደኛው፣ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ብር አልተቆረጠም። ሁለተኛው፣ ጥያቄው ደርሶ ሰርቨሩ ሥራው መሃል ላይ ወድቋል፤ ብሩ ተቆርጦም ሳይቆረጥም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው፣ ሁሉም ነገር በትክክል አልቆ «ተከፍሏል» የሚለው ምላሽ ወደ ስልኩ ሲመለስ ጠፍቷል።

ከስልኩ በኩል ሲታዩ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስቱም ዝምታ ናቸው። አፑ ዝምታውን «አልተሳካም» ብሎ ሲተረጉመው የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ እየተናገረ ነው። የታክሲዋ ደንበኛ የደረሰባት ሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ሰከንድ ጥያቄው ደርሷል፤ በአራተኛው ሰከንድ ብሩ ተቆርጧል። ምላሹ ሲመለስ ግን ስልኳ ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው እየተሻገረ ስለነበር አላገኛትም።

የሚደግመው የደንበኛዋ ጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ «ክፈል» የሚለውን አንዴ ከተነካ በኋላ በማደብዘዝ ነገሩ ያልቅ ነበር። ብዙ አፖች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ግን ጥያቄ የሚደግሙ ሌሎችም አሉ። አፑ ውስጥ ያለው ጥያቄ ላኪ ላይብረሪ ምላሽ ሲያጣ በራሱ ሊደግም ይችላል። የሱቁ ሰርቨር ለክፍያ ድርጅቱ የላከውን ሊደግም ይችላል። ሥራ ወረፋ አስይዞ የሚያሠራው ፕሮግራም ከደቂቃዎች በኋላ ሊደግም ይችላል። እነዚህን ሁሉ የደበዘዘ በተን አያቆማቸውም።

አለመድገምም መፍትሔ አይደለም። ጥያቄው በእርግጥ ጠፍቶ ከነበረ ደንበኛዋ ጫማውን አታገኝም፤ ሱቁም ገበያውን ያጣል። ስለዚህ መድገም ግዴታ ነው። ጥያቄው እንዴት ቢደገም ጉዳት አይኖረውም የሚለው ነው።

◆ የመዝገብ ቤቱ ዘዴ

ነገሩን ለመረዳት የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤትን ማሰብ ይበቃል። ደብዳቤ ሲወጣ ቁጥርና ቀን ይጻፍበታል። መልስ ከዘገየ ላኪው ያንኑ ደብዳቤ፣ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ፣ ደግሞ ይልከዋል። የተቀባዩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ መዝገቡን ገልጦ ያያል። ቁጥሩ ከሌለ አዲስ ነው፤ መዝግቦ ወደ ኃላፊው ይመራዋል። ካለ ግን ሁለተኛ አይመራውም፤ በዚያ ቁጥር ቀድሞ የተሰጠውን መልስ ቅጂ አውጥቶ ይሰጣል። ደብዳቤው አሥር ጊዜ ቢመጣ ውሳኔው አንድ ነው።

አይደምፖተንት የሚለው ቃል ትርጉም ይኸው ነው፦ አንዴ ቢደረግም አሥሬ ቢደረግም ውጤቱ ያው የሆነ። ቃሉን በ1870 ለሒሳብ የፈጠረው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፐርስ ነው። አንዳንድ ትእዛዝ በተፈጥሮው እንዲህ ነው። «አድራሻዬን ቦሌ አድርገው» የሚል ትእዛዝ ሦስት ጊዜ ቢደርስ አድራሻው ቦሌ ነው። «ከሒሳቤ 2,400 ቀንስ» የሚለው ግን ሦስት ጊዜ ከደረሰ 7,200 ብር ይወስዳል። የድረ ገጽ መገናኛ ደንቡ ኤችቲቲፒም ልዩነቱን ያውቀዋል። GET፣ PUT እና DELETE ቢደገሙ ውጤታቸው እንዳይለወጥ ተደርገው የተደነገጉ ናቸው፤ POST ግን አይደለም። ክፍያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው በPOST ነው። ስለዚህ በተፈጥሮው የሌለውን ጠባይ ቁጥር ሰጥቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከጥያቄው ራስጌ ላይ ይጻፋል፦

```
POST /v1/payments
Idempotency-Key: 7f3c1b9e-52d4-4c0a-9a61-2e8d5b6f0c14

{"order": "4417", "amount": 2400, "currency": "ETB"}
```

ይህ ረጅም ቁጥር በዘፈቀደ የሚወጣ ነው፤ ሌላ ሰው ያንኑ በአጋጣሚ ያወጣል ተብሎ አይሰጋም። አሁን የታክሲዋ ታሪክ እንደገና ይታይ። በአራተኛው ሰከንድ ብሩ ተቆረጠ፤ ሰርቨሩ ከቁልፉ ጎን «ተከፍሏል» የሚለውን ምላሽ መዘገበ። ምላሹ መንገድ ላይ ጠፋ። በ36ኛው ሰከንድ ደንበኛዋ ደግማ ነካች፤ አፑ ያንኑ ቁልፍ ላከ። ሰርቨሩ መዝገቡን አየ፣ ቁልፉን አገኘው፣ ባንኩን ምንም ሳይጠይቅ «ተከፍሏል» የሚለውን የተቀመጠ ምላሽ መለሰ። አንድ መልእክት፣ አንድ ቁረጣ፣ አንድ ጥንድ ጫማ።

◆ ቁልፉ የሚወለደው መቼ ነው?

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቁልፉ የት ይፈጠር በሚለው ላይ ነው። የተለመደው ስህተት ቁልፉን ጥያቄውን በሚልከው ፈንክሽን ውስጥ መፍጠር ነው። እንዲያ ሲሆን ጥያቄው በተደገመ ቁጥር ፈንክሽኑ እንደገና ይጠራል፤ እንደገና ሲጠራ አዲስ ቁልፍ ይወጣል። ሰርቨሩ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ያያል፤ ሁለቴ ይቆርጣል። ኮዱን ላየው ቁልፍ አለ፣ ዶክመንቱም ቁልፍ እንዳለ ይናገራል፣ ጥበቃ ግን የለም። ይህ ቁልፍ ጭራሽ ከሌለበት ይብሳል፤ ሁሉም ሰው ችግሩ ተፈቷል ብሎ ስለሚተኛ።

ቁልፉ የመላክ ሳይሆን የሐሳብ ቁጥር ነው። ደንበኛዋ «ይህን ጫማ በ2,400 እገዛለሁ» ብላ የወሰነችበትን ቅጽበት ይወክላል። ስለዚህ መፈጠር ያለበት የክፍያው ገጽ ሲከፈት ነው። ከመላኩ በፊትም ስልኩ ላይ መቀመጥ አለበት። ባትሪ አልቆ ስልኩ ቢጠፋና ተመልሶ ቢበራ፣ አፑ ያላለቀ ክፍያ እንዳለ አይቶ በዚያው ቁልፍ መጠየቅ መቻል አለበት።

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። ቁልፉን ከደንበኛው ስልክ ቁጥርና ከብሩ መጠን ያሰሉታል። ብልህነት ይመስላል፤ የትም ማስቀመጥ አያስፈልግምና። ግን አንድ ልጅ ለራሱ የ100 ብር ካርድ ሞልቶ ወዲያው ለእናቱ ሌላ የ100 ብር ካርድ ሊሞላ ሲል ሰርቨሩ «ይህን አይቼዋለሁ» ብሎ የፊተኛውን ምላሽ ይመልስለታል። ልጁ የሞላ ይመስለዋል፤ እናቱ ካርድ አልደረሳትም። ሁለት ተመሳሳይ ክፍያዎች ሁልጊዜ ድጋሚ አይደሉም። ይህን የሚያውቀው የከፋዩ ሐሳብ ብቻ ነው።

ቁልፉ መቼ ይለወጥ ለሚለውም ሕጉ አጭር ነው። ውጤቱ ካልታወቀ፣ ያው ቁልፍ። ውጤቱ በግልጽ «አልተከፈለም» ከሆነ፣ ለምሳሌ ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ ከሌለ፣ ደንበኛዋ ገንዘብ አስገብታ ስትመለስ አዲስ ቁልፍ። አለዚያ ሰርቨሩ ታማኝ ሆኖ የቀድሞውን «በቂ ገንዘብ የለም» እየደጋገመ ይመልስላታል። ቁልፉን ከታወቁት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ስትራይፕ፣ ሥራው አንዴ ከተጀመረ የመጀመሪያውን ምላሽ የተሳካም ያልተሳካም ቢሆን አስቀምጦ ያንኑ ይመልሳል፤ ሰርቨሩ ራሱ የወደቀበትን 500 የተባለውን ስህተት ጭምር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ስህተት ሲመጣ ቸኩሎ ቁልፍ መቀየር ሳይሆን መጀመሪያ የክፍያውን ሁኔታ መጠየቅ ነው የሚገባው።

◆ በሩ ላይ የሚደረግ እሽቅድምድም

ሰርቨሩ በኩል ያለው ስህተት ረቀቅ ይላል። ብዙ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ «ቁልፉ መዝገቡ ውስጥ አለ ወይ? ከሌለ ቁረጥ፤ ከዚያ መዝግብ።» ለዓይን ትክክል ነው። ግን ሁለት ጥያቄዎች በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ተከታትለው ቢደርሱስ? ፊተኛው ይጠይቃል፦ የለም። እሱ ገና ሳይመዘግብ ኋለኛው ይጠይቃል፦ የለም። ሁለቱም ይቆርጣሉ። በገንቢው ኮምፒዩተር ላይ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ስላለ ይህ አይታይም። የሚታየው በበዓል ዋዜማ፣ ገበያው ሲደራና ሰርቨሩ ሲዘገይ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ መመዝገብ፣ ከዚያ መቁረጥ። አንድ ቁልፍ ሁለቴ እንዳይመዘገብ የሚከለክለውም የፕሮግራመሩ ጥንቃቄ ሳይሆን ዳታቤዙ ራሱ መሆን አለበት። ነጋዴውና ቁልፉ በአንድ ላይ ልዩ እንዲሆኑ ሠንጠረዡ ላይ ከተደነገገ፣ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ነገሩ አንድ ትእዛዝ ነው፦

```
INSERT INTO payment_keys
  (merchant_id, idem_key, request_hash, status)
VALUES ($1, $2, $3, 'started')
ON CONFLICT (merchant_id, idem_key) DO NOTHING;
```

አንድ ረድፍ ከገባ ይህ ጥያቄ ቀዳሚው ነው፤ ይቀጥል። ምንም ካልገባ ሌላ ቀድሞታል፤ ረድፉን አንብቦ ይወስን። ሥራው ካለቀ የተቀመጠውን ምላሽ ይመልስ። ገና 'started' ላይ ከሆነ «በሥራ ላይ ነው፤ ትንሽ ቆይተህ ጠይቅ» ይበል፤ ለዚህ የሚስማማው ምላሽ 409 ነው። ከቁልፉ ጋር የጥያቄው አሻራም የሚመዘገበው ለሌላ ምክንያት ነው። በዚያው ቁልፍ 2,400 የነበረው 4,200 ሆኖ ቢመጣ ድጋሚ ሳይሆን ስህተት ነው፤ በ422 ይመለስ እንጂ በዝምታ አይለፍ።

◆ በጣም ክፉዋ ሰከንድ

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው እንምጣ። ሰርቨሩ ቁልፉን መዘገበ፣ ባንኩን ጠየቀ፣ ባንኩ ብሩን ቆረጠ። ሰርቨሩ ይህን ከመመዝገቡ በፊት መብራት ጠፋ። ሲነሳ መዝገቡ ላይ ያለው 'started' ብቻ ነው። ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? ሰርቨሩ አሁን ራሱ ታክሲ ውስጥ እንዳለችው ደንበኛ ሆኗል፤ ዝምታ ብቻ ነው ያለው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ልማድ አለ። «አምስት ደቂቃ የቆየ 'started' ካለ ሰርዘው» የሚል የጽዳት ፕሮግራም ይጻፋል፤ የተቀረቀሩ ክፍያዎች እንዲላቀቁ ተብሎ። ረድፉ ሲሰረዝ ግን የተሰረዘው ብቸኛው ማስረጃ ነው። ደንበኛዋ በስድስተኛው ደቂቃ ስትደግም በሩ ክፍት ነው፤ ሁለተኛው ቁረጣ ይፈጸማል። ቁልፉ እያለ፣ ድንጋጌው እያለ፣ ሁሉም በትክክል ተሠርቶ እያለ በአንድ የጽዳት መስመር ይፈርሳል።

ትክክለኛው መንገድ ሰርቨሩ ባንኩን በጠየቀ ጊዜም ቁጥር ይዞ መሄዱ ነው። ያንን ቁጥር ከመላኩ በፊት መዝግቦት ከነበረ ሲነሳ ሁለት አማራጭ አለው። ባንኩ ድጋሚን የሚያውቅ ከሆነ በዚያው ቁጥር ደግሞ ይጠይቃል። ካልሆነ «በዚህ ሪፈረንስ የተከፈለ አለ ወይ?» ብሎ ያጣራል። ባንኩ ሁለቱንም የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ መገመት የለበትም፤ ክፍያው «ያልታወቀ» ተብሎ ይቆይና ሰው ከባንኩ የዕለት ዝርዝር ጋር ያመሳክረው። ቁልፍ የሚጠብቀው እስከሚቀጥለው በር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በር የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል።

ሌላም ወሰን አለ። ቁልፎች ለዘላለም አይቀመጡም። ስትራይፕ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፋቸው በኋላ ሊያነሳቸው እንደሚችል ያሳውቃል። ሥራ ወረፋ የሚያስይዘው ፕሮግራም ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ቢልክ ቁልፉ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ስለዚህ የመድገሚያው ጊዜ ከመዝገቡ ዕድሜ ማጠር አለበት። ደግሞም ደንበኛዋ በስልኳ ከፍላ ያንኑ ትእዛዝ በላፕቶፗ ብትከፍል ሁለት ቁልፍ ነው፤ ይህን የሚይዘው «ትእዛዝ 4417 አንዴ ብቻ ይከፈላል» የሚል የሱቁ የራሱ ሕግ ነው።

◆ «ተመላሽ እናደርጋለን» አይበቃም

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይላሉ፤ ሁለቴ የተቆረጠባቸው ጥቂት ናቸው፣ ለእነሱም ይመለሳል። ይህ ክርክር ወጪውን ከሠሪው ወደ ደንበኛው ያዞራል። ተመላሹን የሚያገኘው መልእክቱን ያነበበ፣ የገባው፣ ደውሎ ወረፋ የጠበቀና የተከራከረ ነው። ያላስተዋለው ብሩን አጥቶ ይቀራል። ሠሪው ግን አንድ ሠንጠረዥ፣ አንድ ድንጋጌና ጥቂት ቀን ሥራ ነው የሚጠየቀው።

ሥራው መሠራቱን ማወቅም አያስቸግርም። አንድን ጥያቄ በአንድ ቁልፍ ሃያ ጊዜ በአንድ ቅጽበት መላክ፤ አንድ ቁረጣ ብቻ መገኘት አለበት። ከዚያ ባንኩ ከቆረጠ በኋላ፣ ምላሹ ከመመዝገቡ በፊት ሰርቨሩን ሆን ብሎ መግደልና አስነስቶ መድገም፤ አሁንም አንድ ቁረጣ። ሁለተኛውን ፈተና ያላለፈ ሲስተም ፈተናውን የሚወስደው በደንበኛ ብር ነው። በየማታውም አንድ ደንበኛ፣ አንድ መጠን፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት የተሳኩ ክፍያዎች ካሉ አውጥቶ ማየት ይገባል፤ ደንበኛው ከመደወሉ በፊት።

በመጨረሻም ያቺ የስክሪን ጽሑፍ መቀየር አለባት። ምላሽ ባልመጣ ጊዜ «አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ» ማለት ውሸት ነው። እውነቱ «ውጤቱን እያጣራን ነው፤ ሁለት ጊዜ አይቆረጥብዎትም» የሚለው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በሐቅ ለመጻፍ ግን ከኋላው ቁልፍ መኖር አለበት።